ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የታንከር ማስታወቂያ እንዴት ይስተካከላል?

«ሰላም ቤተሰብ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኅትመት ቤት ነው የምሠራው። አንድ ደንበኛ የውሃ ታንከር ማስታወቂያ ከእንግሊዝኛ አስተርጉሞ አመጣና "አማርኛውን ብቻ ነካ ነካ አድርጉልኝ፣ ከዚያ ባነርና በራሪ ወረቀት ሥሩልኝ" አለኝ። የፊደል ስህተት የለበትም፤ ሲነበብ ግን አይጥምም። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ የፊደል ስህተት ከሌለበት ሰውዬው ያመጣልሽ ሥራ እርማት አይደለም፣ እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ዋጋውንም በዚሁ ስም ተነጋገሪ። «ነካ ነካ» ብለሽ ከተቀበልሽው ቃል ስትቀያይሪ ይመሽብሽና መጨረሻ ላይ ያው የፈረንጅ አማርኛ ይቀርሻል። ደንበኛ ደግሞ ሦስት ቃል ብቻ የተቀየረ መስሎት ለዚህ ነው ወይ የምትጠይቂኝ ይላል።

1. እንግሊዝኛውን አስመጪ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። አማርኛውን ብቻ እያየሽ ብታስተካክዪ ተርጓሚው የሳተውን ነገር አሳምረሽ ማተምሽ ነው። «እንግሊዝኛው የለም» ካለሽ አስመጪውን ወይም ማስታወቂያውን ያሠራውን ሰው ይጠይቅልሽ፤ የሆነ ስልክ ውስጥ አይጠፋም።

2. ከእንግሊዝኛው ፍሬ ነገሩን ብቻ በወረቀት አውጪ፤ ዓረፍተ ነገር አትጻፊ። ዕቃው ምንድን ነው፣ ስንት ሊትር ይይዛል፣ ከምን ተሠራ፣ ዋስትናው ስንት ዓመት ነው፣ ምንን ይሸፍናል፣ ማን ያደርሰዋል፣ እስከ የት፣ በስንት ሰዓት ይከፈታል፣ ቅናሹ መቼ ያበቃል። መልስ ያጣሽበትን አስምረሽበት ለደንበኛው ደውዪ። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ጽሑፍ ገልብጠሽ አስቀምጪና ከዚህ ወረቀት ላይ ጻፊ። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ዓይንሽ ሥር ካለ ብዕርሽም እሱኑ ይከተላል።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወውና ነገሩን በጽሑፍ እንየው። የታንከር ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው፦

«ቤተሰብዎን በእኛ ባለ ሦስት ንብርብር የውሃ ማከማቻ ታንኮች ይጠብቁ! የእኛ ታንኮች ከምግብ ደረጃ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው እና ከአልትራቫዮሌት ጨረሮች የተጠበቁ ናቸው። ለውሃ እጥረት ደህና ሁን ይበሉ እና የአእምሮ ሰላምን ይለማመዱ። ከ10 ዓመት የተገደበ ዋስትና ጋር ይመጣል። ነፃ ማድረስ። ክፍት፦ 8፡00–6፡00። ቅናሹ በጃንዋሪ 31 ያበቃል።»

ከአናቱ ጀምሪ። «ቤተሰብዎን ይጠብቁ» የሚለውን ባነር ላይ ለብቻው ያነበበ ሰው ቤተሰቡ እስኪመጣ እንዲቆይ የተነገረው ሊመስለው ይችላል፤ በእኛ ቋንቋ መጠበቅ ሁለቱንም ነውና። «ይለማመዱ» ደግሞ ልምምድ ነው፣ የሩጫም ይሁን የመዝሙር። ለውሃ እጥረት «ደህና ሁን» የሚል ሰው ቱሉ ዲምቱም ሆነ ሌላ ቦታ የለም። እነዚህን አንድ በአንድ በሌላ ቃል ለመተካት አትድከሚ፣ አውጪያቸው። በእንግሊዝኛውም ቢሆን ማሞቂያ ናቸው እንጂ ስለ ዕቃው የሚናገሩት ነገር የለም። በቦታቸው ገዢው ራሱ የሚያውቀውን ችግር አስገቢ፤ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው የውሃ እጥረት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቀጥሎ አጥንቱን እዪ። «የእኛ ታንኮች… የእኛ…» የሚለው ድግግሞሽ የእንግሊዝኛ ልማድ ነው፤ ማስታወቂያው የማን እንደሆነ ከታች ስሙና ስልኩ ይናገራል። «ናቸው እና… ናቸው» የሚለውን ደግሞ አማርኛ በአንድ ማሰሪያ ይጨርሰዋል። ሁለት ድርጊት ሲከታተል «ደውለው ይዘዙ» እንላለን፣ «ይደውሉ እና ይዘዙ» አንልም። ጽሑፉ ውስጥ ግስን ከግስ የሚያያይዝ «እና» ባየሽ ቁጥር ቀይ አድርጊበት። ሦስት አራት ከተገኘ የቀረውን ማየት ሳያስፈልግ ቃል በቃል መተርጎሙን ታውቂያለሽ።

«ከምግብ ደረጃ ፕላስቲክ» ሲነበብ የምግብ ደረጃ የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ያለ ይመስላል። ሊል የፈለገው ለመጠጥ ውሃ የሚሆን ፕላስቲክ ነው። ሦስቱ ድርብም የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ ሥራቸው ካልተነገረ ቁጥሩ ብቻውን ለገዢው ምንም አይለውም። በተለምዶ የውጪው ፀሐይን እንዲቋቋም ተደርጎ ይሠራል፣ የመሐሉ ብርሃን ይከለክላል፣ የውስጡ ከውሃው ጋር የሚነካካው ነው። ብርሃን ካልገባ አልጌ አያድግም፣ ውሃውም አረንጓዴ አይሆንም። ያንቺ ደንበኛ ታንከር እንዲህ መሆኑን ግን ከራሱ ጠይቂ፤ ድርቦቹ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉ። ስትጽፊም «ፀሐይ አይነካውም» ብለሽ እንዳታጋንኚ። እንግሊዝኛው «እንዲቋቋም የተሠራ» ካለ አማርኛውም ከዚያ አይለፍ። አንባቢን የሚስብ መስሎ የገባ አንድ ቃል ሻጩ ያልገባውን ቃል ኪዳን ያስገባዋል።

በዚህ ረገድ አደገኛው «የተገደበ ዋስትና» ነው። አንባቢው ወይ ዋስትናው እንደተቀነሰ ይረዳዋል፣ ወይ ጭራሽ ሳይረዳው ያልፋል። በእንግሊዝኛው የተወሰነ ነገር ብቻ ይሸፍናል ማለቱ ነው፤ ስለዚህ የሚሸፍነውን ነገር ጻፊው። ደንበኛው «ፋብሪካው ራሱ ያመጣው ስንጥቅ ነው፣ ሲጭኑ ወድቆ ቢሰበር አይመለከተንም» ካለሽ እሱኑ አስፍሪ። «የተገደበ» የሚለውን ለጆሮ ደስ ስለማይል ብቻ አውጥተሽ «የ10 ዓመት ዋስትና» ብለሽ ብትተዪው ትርጉሙን ቀይረሻል። በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያ ክልክል ነው፤ ነገር ሲመጣ «ቋንቋውን ነው ያሳመርኩት» የሚለው አያድንም።

«ነፃ ማድረስ» ላይም እንዲሁ ጠይቂ። እኛ ዳር ያለን ሰዎች «አዲስ አበባ ውስጥ በነፃ» ሲባል ስልክ ላይ ምን ዓይነት ክርክር እንደሚነሳ እናውቀዋለን፤ የሰፈር ስም ይጻፍ። ደግሞም «ቤትዎ ድረስ» ካልሽ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሰው በደረጃ ተሸክማችሁ አምጡልኝ ማለቱ አይቀርም፣ ቃሉም ከእሱ ጋር ነው። ደንበኛሽ የሚያደርሰው እስከ ግቢ በር ከሆነ እንደዚያው በይው።

ገንዘብ የሚያስጥለው ስህተት ግን ሰዓቱና ቀኑ ነው፤ ቁጥር ስለሆነ ማንም አያነበውም፣ እንዳለ ያልፋል። 8፡00–6፡00 በእንግሊዝኛው ጠዋት እስከ ማታ ነው። የእኛ ሰው 8 ሰዓት ሲያይ ከምሳ በኋላ ነው የሚመጣለት፤ 6 ሰዓቱ ደግሞ ወይ እኩለ ቀን ነው ወይ እኩለ ሌሊት። አንዳንዱ ተርጓሚ «ከጠዋቱ 8» ብሎ ያባብሰዋል፤ እንዲህ የሚባል ሰዓት የለንም። ትክክሉ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2026 ደግሞ ጥር 23 ቀን 2018 ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት በአንድ ቀን ስለሚንሸራተት በግምት አታስቢው፣ ካላንደር ክፈቺ። በራሪ ወረቀት ታትሞ ካለቀ በኋላ ይህ ሲገኝ በሺህ የሚቆጠር ወረቀት ላይ ስቲከር መለጠፍ ነው፤ ያም ካልሆነ እንደገና ማተም፣ ኪሳራው ደግሞ ወደ ኅትመት ቤቱ ይገፋል።

ይህን ሁሉ ጨርሰሽ፣ ደንበኛውም መልሱን ሰጥቶሽ ከሆነ፣ በራሪ ወረቀቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ውሃ በመጣ ቀን ይሙሉት፣ በጠፋ ቀን ይጠቀሙበት!
ባለ 2,000 ሊትር ታንከር፤ 100 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይይዛል።
ሦስት ድርብ ነው፦ ውጪው ፀሐይን እንዲቋቋም የተሠራ፣ መሐሉ ብርሃን የማያስገባ፣ ውስጡ ለመጠጥ ውሃ የሚሆን።
በፋብሪካ ጉድለት ቢሰነጠቅ እስከ 10 ዓመት ድረስ እንቀይርልዎታለን።
ለቱሉ ዲምቱና ለኮዬ ፈጬ እስከ ግቢዎ በር በነፃ እናደርሳለን።
ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነን።
ቅናሹ እስከ ጥር 23 ብቻ ነው። ደውለው ይዘዙ።»

ጀሪካኑ እንግሊዝኛው ላይ የለም፤ የገባው 2,000 ሊትር ምን ያህል እንደሆነ ለብዙ ሰው በዓይኑ ስለማይታየው ነው። ሒሳብ ስለሆነ ማንም አይከራከርበትም። «ለቤተሰብዎ ለሳምንት ይበቃል» የሚለውን ግን አታስገቢ፤ የየቤቱ አጠቃቀም ይለያያል። ባነሩ ላይ የመጀመሪያው መስመር፣ ሊትሩና ስልኩ ይበቃሉ። ከታክሲ መስኮት የሚያየው ሰው ሦስት ድርብ አይቆጥርልሽም።

ከዚያ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ በተለይ በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ የሚነበብ ከሆነ። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ መሐል ላይ ትንፋሽ ከቆረጠሽ ለሁለት ክፈዪው። አንቱታውም ከላይ እስከ ታች አንድ ይሁን፤ «ይደውሉ» ብሎ ጀምሮ «ታንከርህን ውሰድ» የሚል ማስታወቂያ አሁንም በየአጥሩ ተለጥፎ ይታያል። መጨረሻ ላይ የፍሬ ነገሩን ወረቀት አውጥተሽ የቀረ ነገር እንዳለ በጣትሽ እየተከተልሽ ተያዪው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማስታወቂያውን ያሠራው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ ውጭ አገር ይሆንና ጽሑፍሽ ለእነሱም ይላካል። ውጭ ያለው ቢሮ አማርኛሽን መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ያስተረጉምና «የአእምሮ ሰላም የት ሄደ?» ብሎ ይመልስብሻል። አማርኛ የማያነብ ሰው አማርኛ ሲያርም ማየት ያበሽቃል፣ ግን በብሽቀት አይሸነፍም። ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ላኪለት፦ በአንዱ የእነሱ ዓረፍተ ነገር፣ በሁለተኛው ያንቺ አማርኛ፣ በሦስተኛው አማርኛው ለአንባቢው የሚሰጠው ስሜትና የቀየርሽበት ምክንያት በአንድ መስመር። የወጣውን ዓረፍተ ነገርም አትደብቂው፣ «ወጥቷል» ብለሽ ከነምክንያቱ አስቀምጪ። የሚጣሉት የተደበቀ ሲያገኙ ነው። ዋስትናው፣ ዋጋውና ቀኑ ያሉበትን መስመር ለይተሽ ደንበኛው እንዲፈርምበት አድርጊ፤ ያለ ፊርማ ማሽኑን አታስነሺ።

በራሪ ወረቀቱ ሸገር ከተማ በኩልም የሚበተን ከሆነ ኦሮምኛ ማስፈለጉ አይቀርም። እሱን ከአማርኛው አታስተርጉሚ፤ ያው ችግር ነው የሚደገመው። ያንኑ የፍሬ ነገር ወረቀት አፉን በኦሮምኛ ለፈታ ጸሐፊ ስጪው፣ እሱም ከዚያ ላይ ይጻፍ። ቁቤ ከፊደላችን ይልቅ ወደ ጎን ስለሚረዝም ዲዛይኑ ላይ ከአሁኑ ሰፋ ያለ ቦታ ተዪለት።