የረጋ የወር አበባ ደም፦ ከፎቶው ይልቅ ሞዴሱን ቁጠሪ

ጥያቄ፦ «34 ዓመቴ ነው። ከአምስት ወር ወዲህ የወር አበባዬ በጣም በዝቷል፣ ጉበት የመሰለ ትልልቅ የረጋ ደም ይወጣኛል። ፎቶ አያይዣለሁ። ይሄ ያለ ነገር ነው ወይስ ልታከም?»

እህቴ፣ ፎቶዎቹን አይቻቸዋለሁ። መጠኑን ግን ከፎቶ ማወቅ አይቻልም። ሽንት ቤት ውሃ ውስጥ የገባ ትንሽ ደም ሁሉንም ያቀላዋል፤ ሞዴስ ላይ ደግሞ አብዛኛው ወደ ውስጥ ይመጠጥና የሚታየው ላዩ ብቻ ይሆናል። ለረጋው ደም የአንድ ብር ሳንቲምን በዓይንሽ መለኪያ አድርጊ፤ ስፋቷ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከእሷ ያነሰ ቁራጭ በከባዱ ቀን አንድ ሁለቴ ቢወጣ ብዙ ሴቶች ላይ የሚታይ ነው። ከእሷ የሚበልጥ በየወሩ ከመጣ ግን መመርመር አለብሽ።

ደሙ የሚረጋው ለምን እንደሆነ ሲገባኝ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። ማህፀን የወር አበባን ደም የሚያቀጥን ንጥረ ነገር አለው። ደሙ ቀስ ብሎ ሲወርድ ለማቅጠን ጊዜ ያገኛል፤ በኃይል ሲፈስ ግን ሳይደርስበት ይረጋል። ስለዚህ የረጋው ደም የሚነግርሽ ፍሰቱ መፍጠኑን ነው። ለምን ፈጠነ የሚለውን ሐኪም ይፈልገው።

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብያለሁ፤ እናቴም እንደዚሁ ስለነበረች የቤታችን ተፈጥሮ መስሎኝ ነበር። አንድ ክሊኒክ «ሆርሞን ነው» ብሎ ያለ አልትራሳውንድ ክኒን ሰጠኝ። በኋላ ደረጃ ስወጣ ልቤ ሲመታና ፀጉሬ ሲረግፍ ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ ሐኪሟም በመጀመሪያ ያለችኝ «ቁጠሪና ነይ» ነው። አቆጣጠሩ ይሄ ነው፦ ትንሽ የነካው ሞዴስ 1 ነጥብ፣ ግማሽ ያህሉ የራሰ 5፣ ሙሉ በሙሉ የራሰ 20፤ ትንሽ የረጋ ደም 1፣ ትልቅ 5። የሁሉም ቀን ድምር 100 ከደረሰ ደሙ በዝቷል ይባላል፤ ይህም ወደ 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ጤነኛ የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ቀን አራት ግማሽ የራሱ ሞዴሶች፣ 20። ሁለተኛው ቀን ስድስት ሙሉ የራሱና ሦስት ትልልቅ የረጋ ደም፣ 135። ሦስተኛው ቀን አራት ሙሉና አንድ ትልቅ የረጋ ደም፣ 85። ከዚያ እስከ ስምንተኛው ቀን አሥር ትንሽ የነካቸው፣ 10። ድምሩ 250! ሞዴሶች ደም የመያዝ አቅማቸው ስለሚለያይ ቁጥሩ ግምት ነው፤ ነገር ግን «ብዙ ይፈሰኛል» ከማለት ይልቅ ሐኪም ፊት ክብደት አለው። ሳትቆጥሪም ቢሆን ከሰባት ቀን በላይ መፍሰስ፣ ሌሊት ሞዴስ ለመቀየር መነሳት፣ ሁለት ሞዴስ ደርቦ መልበስ ምልክቶች ናቸው።

ሄሞግሎቢኔ 7.8 ወጣ። ላላረገዘች ሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ባለው ቦታ ደግሞ ገደቡ ከዚያም ትንሽ ከፍ ይላል። አልትራሳውንዱ ወደ ማህፀን ክፍተት የገባ 4 ሴንቲ ሜትር ማዮማ፣ ማለትም የማህፀን እጢ፣ አሳየ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ቦታው ይወስናል። ወደ ውጭ ያደገ ትልቅ ማዮማ ያላት ሴት ምንም ላይፈሳት ይችላል፤ የእኔ ትንሹ ግን አደከመኝ። የሚፈሰውን ለመቀነስ በሐኪም ትእዛዝ በከባዶቹ ቀናት ትራኔክሳሚክ አሲድ ወሰድኩ (እግሯ ወይም ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶባት ለሚያውቅ ሴት አይሰጥም)፤ ለደም ማነሱ የታዘዘልኝን አይረን ደግሞ ከቡናና ከሻይ አራርቄ። ደሜ ሲስተካከል ማዮማው በቀዶ ጥገና ወጣ።

የአንቺ ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል፦ ፖሊፕ፣ ታይሮይድ፣ የመዳብ ሉፕ፣ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት፣ ወይም ከወጣትነትሽ ጀምሮ የነበረ ደም ቶሎ ያለመርጋት ችግር። ለዚህ ነው በቅድሚያ የእርግዝና ምርመራ፣ የደም ቆጠራና አልትራሳውንድ የሚያስፈልጉሽ። የእርግዝናውን «አይሆንም» ብለሽ አትዝለይው፤ ጽንስ መውረድም እንደዚሁ ትልልቅ የረጋ ደም ይዞ ይመጣል።

አንድ ሞዴስ በሰዓት ውስጥ ሙሉ ርሶ ይህ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ወይም ቆመሽ ዓይንሽ ከጨለመብሽ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ሰው ይዘሽ።