የላጲስ ቅሪትና ስስ እርሳስ እንዴት ይለያሉ?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ መምህር ነኝ። ባለ 40 ጥያቄ የመልስ ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስቼ በፓይተን በጻፍኩት ፕሮግራም አርማለሁ። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሬ ክቡ ከግማሽ በላይ ከጠቆረ መልስ ነው እላለሁ። በስሱ የሚያጠቁሩ ተማሪዎች ዜሮ ያገኛሉ። መለያውን ዝቅ ሳደርገው ደግሞ በላጲስ የጠፋው ሁሉ ሁለት መልስ እየተባለ ይቆጠራል። ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው?»

መምህር፣ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። እኔም ፈልጌው ነበር። ከዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት በሠራሁት ፕሮግራም አንዲት ተማሪ ባዶ ወረቀት እንዳስረከበች ተቆጠረች፤ ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ አርባውም ጥያቄ ተመልሷል። ጠንካራ እርሳስ ነበራት፣ እጇም ቀላል ነበር። ስለዚህ መለያው ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው መለወጥ አለበት።

መጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ማድረጉን ይተዉት። ስስ እርሳስ ግራጫ ነው፣ የላጲስ ቅሪትም ግራጫ ነው፤ የሚፈልጉትን መረጃ ገና በመጀመሪያው እርምጃ እየጣሉት ነው። ወረቀቱን በአራቱ ማዕዘን ምልክቶች ካቃኑ በኋላ ግራጫውን ምስል (g) በአካባቢው የወረቀት ብርሃን ያካፍሉት። የእጅዎ ጥላ ያረፈበት ጥግ ከሌላው ጋር የሚስተካከለው በዚህ ነው።

```python
bg = cv2.dilate(g, np.ones((41, 41), np.uint8))
bg = cv2.medianBlur(bg, 41)
n = cv2.divide(g, bg, scale=255)
```

41 ያልኩት ክቡ 28 ፒክስል ያህል ስፋት አለው ብዬ ነው። ይህ ቁጥር ከክቡ ስፋት በጣም ካነሰ የጠቆረው ክብ ራሱ እንደ ወረቀት ይቆጠርና ይጠፋል።

ቀጥሎ በዚህ n ምስል ላይ የእያንዳንዱን ክብ ጥቁረት ይለኩ፦ ከ255 ላይ የውስጡን አማካይ ይቀንሱ። የታተመው ቀለበት እንዳይገባ ከመሐል እስከ ጠርዙ ሦስት አራተኛ ድረስ ያለው ይበቃል። ክቡ ውስጥ የታተመው ፊደልም ቀለም አለውና መቀነስ አለበት። በአንድ ወረቀት ላይ ካሉት አርባ «ሀ» ክቦች አብዛኞቹ ባዶ ስለሆኑ መካከለኛ ዋጋቸው የባዶ «ሀ» ጥቁረት ነው። ከዚያ ከየጥያቄው ከሁሉ ይበልጥ የጠቆረውን ክብ ወስደው መካከለኛውን ያግኙ፤ እርሱን የተማሪው «እጅ» እለዋለሁ።

```python
d = D - np.median(D, axis=0)   # D: የክቦቹ ጥቁረት፣ 40 x 4
r = d / np.median(d.max(axis=1))
```

የሁለት ተማሪዎችን ወረቀት እንይ። ሁለቱም 17ኛው ጥያቄ ላይ የ«ለ» ጥቁረት 36 ነው። የመጀመሪያው ተማሪ እጅ 40 ነው፤ 36 ሲካፈል ለ40፣ 0.9 ይሆናል፤ ሌሎቹ ክቦች ከ3 አይበልጡም። ይህ ሙሉ መልስ ነው። የሁለተኛው እጅ 120 ነው፤ የእርሱ «ለ» 0.3 ብቻ ነው፣ «ሐ» ግን 114 ወይም 0.95 ነው። «ለ»ን አጥፍቶ «ሐ»ን እንደመረጠ ግልጽ ነው። መለያዎን 50 ቢያደርጉት የመጀመሪያውን ይጥሉታል፣ 30 ቢያደርጉት ሁለተኛውን ሁለት መልስ ይሉታል።

እኔ የምጠቀመው ይህን ነው፦ አንዱ ክብ ከ0.6 በላይ ሆኖ ቀጣዩ ከ0.35 በታች ከሆነ መልስ ነው። አራቱም ከ0.2 በታች ከሆኑ ባዶ ነው። ሁለት ክቦች ከ0.75 በላይ ከሆኑ ሁለት መልስ ነው፤ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ከፈተናው በፊት የወሰኑት እርስዎ ነዎት፣ ፕሮግራሙ ጠቆር ያለውን እንዲመርጥ አይፍቀዱለት። የቀረው ሁሉ ለሰው ዓይን ይቅረብ። «ሀ» 0.96፣ «መ» 0.58 ቢሆን በደንብ ያልጠፋ ይሁን በግማሽ የጠቆረ ቁጥሩ አይነግርዎትም። ዋናውን ወረቀት ያዩት፤ ላጲስ ያለፈበት ወረቀት ይሻክራል፣ እርሳሱም ከቀለበቱ ውጭ ተሰራጭቶ ይታያል። የእኔን ቁጥሮች እንዳሉ አይውሰዷቸው፤ በእጅዎ ባረሟቸው 30 ወረቀቶች ፈትሸው ያስተካክሉ።

ዘዴው የሚሳነው ሁለት ቦታ ነው። አርባውንም «ሀ» ያደረገ ተማሪ ካለ የ«ሀ» መካከለኛ ዋጋ የጠቆረ ክብ ይሆናል፤ አንዱ ዓምድ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ከባዶ ወረቀት የለኩትን ይተኩበት። ከግማሽ በላይ ባዶ የተወ ተማሪ ደግሞ እጁ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ተራ ቆሻሻ ሁሉ መልስ ይመስላል። እጅ ከ15 በታች ሲሆን ሙሉ ወረቀቱን ለይተው በእጅ ያርሙት።

ለሰው የሚቀርቡት ከበዙ ግን ቁጥሩን ሳይነኩ ፎቶውን ይመርምሩ። ተጭኖ የጠቆረ እርሳስ ያብረቀርቃል፤ በስልኩ ፍላሽ ወይም በመስኮት በሚገባ ፀሐይ ሥር ከስሱ ይልቅ ነጭ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ፍላሹን አጥፍተው በረንዳ ላይ በጥላ ያንሱት።