በመጀመሪያው ቀን ፎርሙ ላይ ምን ጻፉ?

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ቡና እየገዛሁ የማስረክብ ነጋዴ ነኝ። ሚያዝያ 14 ቀን ማታ በሞባይል ባንኪንግ ከሒሳቤ በሦስት ጊዜ 86,000 ብር ወደማላውቀው ሰው ተላለፈ። በማግስቱ ቅርንጫፉ ሄጄ ነገርኳቸው፤ ፎርምም ሞላሁ። አራት ወር ሙሉ ተመላለስኩ። መልሳቸው «እየተጣራ ነው» ብቻ ነው። አሁን ለብሔራዊ ባንክ አቤቱታ ልልክ ነው። በስልኬ የገቡትን የባንኩን መልእክቶች ፎቶ አንስቼ አያይዣለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ እህቴ። ወደ ብሔራዊ ባንክ መሄድዎ ትክክል ነው። አሁን በያዙት ማስረጃ ብቻ መሄድዎ ግን ያስፈራኛል።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርዎ። ባንኮችን፣ ኢንሹራንሶችን፣ ማይክሮ ፋይናንሶችንና የሞባይል ገንዘብ አቅራቢዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የፋይናንስ አገልግሎት ተጠቃሚዎችን ለመጠበቅ ባወጣው መመሪያ፣ እያንዳንዱ ተቋም ቅሬታ ተቀብሎ የሚያስተናግድበት ሥርዓት እንዲኖረው አዟል። ደንበኛው መጀመሪያ ለራሱ ተቋም ያመለክታል። መልስ ካጣ ወይም መልሱ ካላረካው ወደ ተቆጣጣሪው ይወስደዋል። ገንዘቡ የጠፋው ከቁጠባና ብድር ማኅበር ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር፤ እነዚህ ማኅበራት የሚጠየቁት በኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት በኩል ነው።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገር ልምጣ። በሞባይል ባንኪንግ ብር ለማስተላለፍ የሚስጥር ቁጥር ያስፈልጋል። ያ ቁጥር እንዴት ከእጅዎ እንደወጣ አንድም ቃል አልጻፉም። ያን ቀን «ከባንክ ነው የምደውለው» ያለዎት ሰው ነበር? በስልክዎ የገባውን የማረጋገጫ ኮድ ነግረውታል? ወይስ ስልክዎን ለወንድምዎ ልጅ ወይም ለሱቅ ሠራተኛዎ ሰጥተው «አንተ ላክልኝ» ይሉ ነበር? ሳልወቅስ ነው የምጠይቀው። ብዙ ሰው አፍሮ ይደብቀዋል። እርስዎ ቢደብቁት ግን ባንኩ አይደብቀውም።

ምክንያቱም ተቆጣጣሪው አቤቱታዎን ሲያይ ባንኩንም መልስ ይጠይቃል። ባንኩ ያን ጊዜ በማግስቱ የሞሉትን ፎርም ከፋይሉ ያወጣል። በድንጋጤ «አንድ ሰው ደውሎልኝ ቁጥሩን ሰጠሁት» ብለው ጽፈው ከሆነ፣ አሁን ደግሞ «ማንም ምንም አልጠየቀኝም» ብለው ካመለከቱ፣ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ እውነት በሆነው ነገር እንኳ የሚያምንዎት ያጣሉ። ስለዚህ የዚያን ፎርም ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ። እስኪያነቡት ድረስ ለብሔራዊ ባንክ አንድ መስመር አይጻፉ።

ቁጥሩን ሰጥተው ቢሆንም ጉዳይዎ አላለቀም። ጥያቄው ይቀየራል እንጂ። በማግስቱ ስንት ሰዓት ነው ያሳወቁት? ባንኩ ገንዘቡ የገባበትን ሒሳብ ወዲያው አገደ ወይስ ቀናት አሳለፈ? ብሩ የወጣው ካሳወቁ በኋላ ከሆነ ክርክርዎ ጠንካራ ነው። ምንም ሳይሰጡ፣ ያን ምሽት ስልክዎ በድንገት ኔትወርክ አጥቶ ከነበረ ደግሞ፣ ሌላ ሰው ሲምዎን አስተክቶት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያሳየው የቴሌኮም ድርጅቱ የሲም መተኪያ መዝገብ ነው። በአካል ሄደው ይጠይቁ። ከከለከሉዎት በፖሊስ በኩል ይጠየቅ።

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበትን ጉድጓድ ልንገርዎ። እርስዎም ጠርዙ ላይ ቆመዋል። «አራት ወር ተመላለስኩ» ይላሉ። መመላለስ ግን ፋይል ውስጥ አይገባም። አንድ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ከሰባት ወር በኋላ ቢሮዬ መጣ። ሥራ አስኪያጁን ስድስት ጊዜ አነጋግሯል፤ ሻይ እየተጋበዘ ተስፋ ተሰጥቶታል። ለተቆጣጣሪው ሲያመለክት የባንኩ መልስ አንድ አረፍተ ነገር ነበር፦ «ደንበኛው ለተቋማችን በጽሑፍ ያቀረቡት ቅሬታ የለም።» እውነት ነበር። በወረቀት የቀረበ ነገር አልነበረም። እንደገና ከዜሮ ጀመርን። በዚህ መሀል ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ ባዶ ሆኖ ነበር።

ስለዚህ ነገ ጠዋት የሚያደርጉት ይኸው ነው። አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉ። ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ይሁን፤ ግልባጩ ለዋናው መሥሪያ ቤት የደንበኞች ቅሬታ ክፍል። የሒሳብ ቁጥርዎን፣ የሦስቱን ዝውውሮች ቀን፣ ሰዓት፣ መጠንና የግብይት መለያ ቁጥር ይጥቀሱ። 40,000፣ 30,000 እና 16,000 ከሆነ እያንዳንዱን ለየብቻ ይጻፉ፤ ድምሩን ብቻ አይጻፉ። መቼ እንዳሳወቁ ይግለጹ። መጨረሻ ላይ የሚፈልጉትን በግልጽ ይጠይቁ፦ የምርመራው ውጤት በጽሑፍ ይሰጠኝ፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ። የመልስ ቀን ይቁረጡ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ 15 የሥራ ቀን እሰጣለሁ።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይያዙ። አንዱን ሲያስገቡ በሌላው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ያስደርጉ። «ተቀብያለሁ፣ ይሂዱ» ቢሉዎት ያለ ማኅተም ከዚያ አይውጡ። እምቢ ካሉ ጅማ ፖስታ ቤት ሄደው በአደራ ደብዳቤ ይላኩትና ደረሰኙን ይያዙ። ያ ደረሰኝ ከአራት ወር ምልልስዎ ይበልጣል።

የሰጡት ቀን ሲያልፍ ለብሔራዊ ባንክ የሚሄደው ጥቅል ዝግጁ ይሆናል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤዎ፣ የባንኩ መልስ ካለ እሱ፣ የመጀመሪያው ፎርም ቅጂ፣ ከባንኩ በማኅተም የወጣ የሚያዝያ ወር የሒሳብ መግለጫ፣ የፖሊስ ማስረጃ። የስልክ ፎቶ መግለጫውን ያግዛል እንጂ አይተካውም። መልእክቶቹን ከስልክዎ አያጥፉ። ስልኩንም አይሽጡ። ኦሪጅናል ወረቀት በፍጹም አይላኩ፤ ኮፒ ብቻ። የጅማ ፖሊስ ማስረጃ በአፋን ኦሮሞ ስለሚጻፍ የአማርኛ ትርጉም ቢያያዝበት አንባቢው ሥራ አይበዛበትም። ለፖሊስ እስካሁን ካላመለከቱ ዛሬውኑ ይሂዱ። ተቀባዩ ማን እንደሆነ ባንኩ ለእርስዎ አይነግርም፤ የደንበኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ለፖሊስ ምርመራ ወይም ለፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው የሚገልጸው።

አንድ ነገር ደግሞ ይወቁ። ብሔራዊ ባንክ ባንኩ ግዴታውን ተወጥቷል አልተወጣም ብሎ ይመረምራል፤ እንደ ፍርድ ቤት የካሳ ፍርድ ግን አይሰጥም። እዚያ ማመልከትዎ ይርጋውንም፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ አያስቆምም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1851 መሠረት ይርጋ የሚቋረጠው ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን ወይም ክስ ሲመሠረት ነው። ከባንኩ ጋር ባለዎት ውል የሚነሳ ክስ በመርሕ ደረጃ 10 ዓመት አለው። ገንዘቡን የወሰደውን ሰው ከውል ውጭ ኃላፊነት ለመጠየቅ ግን በቁጥር 2143 በመርሕ ደረጃ ያለዎት 2 ዓመት ነው። ከሚያዝያ 14 ጀምረው ይቁጠሩ።

የፎርሙ ቅጂ እጅዎ ሲገባ፣ ለብሔራዊ ባንክ የሚሄደው አቤቱታ ከመላኩ በፊት፣ ሁለቱን ይዘው ጅማ ያለ ጠበቃ ጋ ይቅረቡ። ስልኩ ያን ምሽት ማን እጅ እንደነበረም ለእሱ ሳይደብቁ ይንገሩት።