«ፖፕ ይበል» ተብሎ ለተላከ ሎጎ ምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ ደብረ ብርሃን አክስቴ ጋ ሆኜ ሥራ እፈልጋለሁ። ግራፊክስ የተማርኩት በስልኬ ነው። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ለሙከራ ብሎ የአንድ በሶ አሻጊ ሎጎ በቴሌግራም ላከልኝ። ነጭ ላይ ቢጫ የገብስ ዛላ ነው፤ ስሙ ከሥር በቀጭን ቡናማ ፊደል ተጽፏል። አብሮት የመጣው ‹ፖፕ እንዲል አድርጊው፣ እስከ ነገ› የሚል ብቻ ነው። አስተያየት ልጻፍ ወይስ ምን ምን ሊቀየር እንደሚችል ልንገራቸው? አባቴ ይሄን ትተሽ ወረዳ ቢሮ ተቀጠሪ ይለኛል። እናቴ ደግሞ ላፕቶፕ እንድገዛ በጎቿን ልትሸጥ ነው።»

መልስ፦

እህቴ፣ ሁለቱንም ጻፊ፤ አስተያየቱ ግን ይቅደም። ዛሬ ማታ ምስሉን ከፍተሽ ቀለም መቀየር እንዳትጀምሪ። «ፖፕ ይበል»፣ ማለትም ጎልቶ ይታይ የሚል መልእክት ሲደርሰው አብዛኛው ጀማሪ ቢጫውን የባሰ ቢጫ ያደርገዋል፣ ከሥሩ ጥላ ይጨምራል፣ ጠርዙን ያብረቀርቅና ይልካል። ላኪው «አይ፣ እንደዚህ አይደለም» ይላል። እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ይመለስበታል። ብዙ ጎበዝ ልጆች በዚህ ምልልስ ተሰላችተው ሙያውን ሲተዉ አይቻለሁ። ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእጃቸው አይደለም። ሳያዩ መሥራታቸው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እዪው። በስልክሽ የፎቶ ማስተካከያ ገብተሽ ምስሉን ጥቁርና ነጭ አድርጊው። አንቺ እንደገለጽሽው ከሆነ ዛላው ከነጩ ጋር ተቀላቅሎ ሊጠፋ ምንም አይቀረው። ዓይናችን ቅርጽ የሚለየው በአብዛኛው በብርሃንና በጨለማ ልዩነት ነው። ቢጫ ደግሞ ከደማቆቹ ቀለሞች ሁሉ በብሩህነቱ ለነጭ የቀረበው ነው። ይህ ልዩነት በቁጥር ይለካል፤ ኮንትራስት የሚሉት ነው። ምንም ልዩነት ከሌለ 1 ይሆናል፣ ጥቁር በነጭ ላይ ሲሆን 21። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ትርጉም ላላቸው ምልክቶች ቢያንስ 3 ይጠይቃል። ንጹሕ ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ገደማ ነው፤ ወርቃማው ቢጫ 1.4 ገደማ። ቢጫውን የቱንም ያህል ብታደምቂው 3 አይደርስም። ሎጎው የጎደለው ድምቀት አይደለም፤ አጠገቡ የሚቆም ጥቁረት ነው። ደንበኛው «ፖፕ ይበል» ሲል የተሰማው ነገር ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ ግን እሱ የጠራው አይደለም።

ቀጥለሽ ምስሉን የጥፍርሽን ያህል አሳንሺው። በቴሌግራም ፕሮፋይል ክብ ውስጥ የሚታየው በዚያ መጠን ነው። ቀጭኑ ፊደል ይነበባል ወይ? የእኛ ፊደል ላይ ይህ ከባድ ነገር ነው። የቢ ጭረትና የቤ ቀለበት ቀጥነው ሲያንሱ አንድ ይመስላሉ፤ የሰው ስም ወይም የድርጅት ስም ተሳስቶ ይነበባል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ ነው የሚልከው። ጠርዙ የደበዘዘው በሎጎው ይሁን በመላኩ ከምስሉ ብቻ መለየት አትችዪም። ስለዚህ ስለ ጠርዝ ጥራት አትፍረጂ፤ ዋናውን ፋይል በ.svg ወይም በ.ai እንዲልኩልሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ምርጫሽ። አስተያየት ማለት ምን እንዳየሽ፣ የት እንዳየሽውና ምን እንደሚያስከትል መናገር ነው። «ቆንጆ ነው፣ ግን ትንሽ የድሮ ይመስላል» አስተያየት አይደለም። ለውጥ መግለጽ ደግሞ ያንኑ ችግር የሚፈታ አንድ ወይም ሁለት መንገድ ከነዋጋው ማቅረብ ነው። የትኛው ይበዛ የሚለውን የሚወስንልሽ አንድ ጥያቄ አለ፤ ማሸጊያው ታትሟል ወይስ ገና ነው? ከታተመና ሱቅ ከገባ ስለ ዛላው ቅርጽ የምትጽፊው ትችት ለባለቤቱ ቁጭት እንጂ ጥቅም የለውም። ያኔ አስተያየቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሺና ቅርጹን ሳይነካ ሊለወጥ የሚችለውን ግለጪ። ካልታተመ ግን አስተያየቱን አስፊው፤ ገና ገንዘብ ያልፈሰሰበት ጊዜ ነውና ይሰሙሻል። መልስ ካልሰጡሽ ምን ብለሽ እንደገመትሽ ጽፈሽ ቀጥዪ።

እኔ ብሆን የምልከው ይህን ነው፦

«ሎጎውን በጥቁርና ነጭ እና በትንሽ መጠን አየሁት። የገብሱ ዛላ ከነጩ ጋር ስለሚቀራረብ ከሩቅ አይታይም። ስሙም ቀጭን ስለሆነ ሲያንስ አይነበብም። ቅርጹ ጥሩ ስለሆነ እንዳለ እንዲቆይ እመክራለሁ። ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው ነጩን እንዳለ ትቶ ዛላውንም ፊደሉንም ጥቁር አረንጓዴ ማድረግና ፊደሉን ማወፈር ነው። በአንድ ቀለም ስለሚታተም ርካሽ ነው፤ የገብሱ ቢጫ ግን ይጠፋል። ሁለተኛው ቢጫውን ጠብቆ ከጀርባው ጥቁር ቡናማ ማድረግና ስሙን በነጭ ማውጣት ነው። የበለጠ ዓይን ይስባል፤ ግን ብዙ ቀለም ይፈልጋል፣ ሎጎው በሄደበት ሁሉም ያ ጀርባ አብሮት መሄድ አለበት። ማሸጊያው ገና አልታተመም ብዬ ነው የጻፍኩት። የትኛውን ልሥራው?»

ይህን ያህል ይበቃል። ሦስተኛና አራተኛ አማራጭ ብትጨምሪ ውሳኔውን መልሰሽ ለእነሱ መጣል ይሆናል። ዋጋውን የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በስክሪን ፕሪንት እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም ይፈልጋል፤ አንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ የሚሸጋገርበት ሥራ ደግሞ ወደ ነጠብጣብ ካልተቀየረ አይታተምም። በስልክ ላይ የሚያበራ አረንጓዴም ወረቀት ላይ ሲወርድ ይፈዛል። እኔ ይህን የተማርኩት ማተሚያ ቤት ቀለም እያዘጋጀሁ ነው። ከስልክ ትምህርት የሚጎድልሽም ይሄው ነው። ድርጅቱ ባይቀበልሽ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባነርና ማሸጊያ የሚያትም ቤት ገብተሽ ዝቅ ባለ ደመወዝም ቢሆን ጀምሪ። ቤት ተቀምጦ ሎጎ ከመሣል ያ ይሻልሻል።

ላፕቶፑን በሚመለከት፣ እናትሽ በግ እንዳይሸጡ። የመንዝ በግ ይወልዳል፤ ላፕቶፕ ሥራ ሳይኖር ዋጋው ብቻ ይወርዳል። መጀመሪያ በቀጣሪው ማሽን ሥሪ።

አባትሽን አከብራለሁ፤ ግን የወረዳ ቢሮ ወንበር ይዞ አይጠብቅሽም። እሱም ማስታወቂያና ውድድር አለው። ሲወጣ ተመዝገቢ፣ እስከዚያው ሥሪ። ከሁለቱ አንዱን ጥለሽ አንዱን ያዢ የሚልሽ ሰው ወጪሽን የሚከፍልልሽ ካልሆነ አትስሚው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መልእክትሽን ካነበቡ በኋላ «እንግዲያው ሁለቱንም ጨርሰሽ ላኪ» ካሉሽ ክፍያ ጠይቂ። ሙከራው ማየትና ማስረዳት መቻልሽ ነው፤ ያንን አሳይተሻል። የተጠናቀቀ ሎጎ ግን በሶ አሻጊው የሚከፍልበት ሥራ ነው። «ረቂቅ በነጻ አሳያችኋለሁ፣ የመጨረሻው ፋይል በክፍያ ነው» ብለሽ በጨዋነት ጻፊላቸው።