ደሙ የውሸት፣ እሳቱ የእውነት

ጥያቄ፦ መምህር፣ ተመልካቹን በሚያስደነግጥ ትዕይንት ለሚጫወት አንድ የሾክ ሮክ ባንድ የመድረክ ሥራ እንዳግዝ ተጠይቄአለሁ። ሰው ሠራሽ ደም አዘጋጃለሁ፣ ጊሎቲን የሚባለውን አንገት መቁረጫ እተክላለሁ፣ መጨረሻ ላይ የእሳት ፍንጣቂ ይለቀቃል። ጓደኞቼ «ትወና ነው» ይሉኛል፤ እናቴ ደግሞ የሰይጣን አምልኮ ነው ትላለች። ምን ያህሉ ትወና ነው? ክርስቲያን ቢሠራው ኃጢአት ይሆንበታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህም እናትህም ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ስም ጠርተዋቸዋል። በየተራ እንያቸው፤ ፍርዱም የሚለያየው እዚያው ላይ ነው።

ከደሙ እንጀምር። ብዙውን ጊዜ የበቆሎ ሽሮፕ ነው። አንድ ኩባያ ሽሮፕ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ሰማያዊ። ሰማያዊ ከሌለህ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የካካዎ ዱቄት በጥቂት ውሃ በጥብጠህ ጨምርበት። ቀዩ ብቻውን ሲሆን የግድግዳ ቀለም ይመስላል፤ ጠቆር አድርጎ ደም የሚያስመስለው ያ ጥቂት ጠብታ ነው። ሽሮፕ የሚመረጠው ብርሃን ስለሚያሳልፍና ቆዳ ላይ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ነው። ውሃ ከበዛበት ግን ሳይይዝ ይንሸራተትና ፈዛዛ ሮዝ መስመር ብቻ ትቶ ይሄዳል። ለአፍ የሚሆነውንና ልብስ ላይ የሚፈሰውን በተለያየ ዕቃ አድርገህ በትልቁ ጻፍባቸው። ለልብሱ ከጨርቅ እንዲለቅ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ያ አፍ ውስጥ መግባት የለበትም። በፊልም ሜካፕ ስመ ጥር የነበረው ዲክ ስሚዝ ባዘጋጀው የታወቀ ቅመራ ውስጥ እንኳ ለፎቶ ሥራ የሚያገለግል ማርጠቢያ ፈሳሽ ስለሚገባ ለአፍ አይሆንም። ወለሉንም አትርሳ፦ ሽሮፕ የፈሰሰበት መድረክ መጀመሪያ ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ ደግሞ ጫማ ይይዛል። ዘፋኙ የሚረግጥበትን ቦታ ቀድመህ ሸካራ ምንጣፍ አልብሰው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ለጥያቄህ ከሁሉ ይልቅ የሚመልስ እሱ ነውና። ነጭ ሸሚዝ ላይ ደም ፈስሶ ሳለ ቀይ መብራት ብቻ ቢበራ ደሙ ይጠፋል። ሸሚዙም ደሙም እኩል ቀይ ስለሚሆኑ ዓይን መለየት ያቅተዋል። በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ መብራት ደግሞ ያው ደም ጥቁር ዘይት ይመስላል። ስለዚህ መብራት ሠሪው «ግድያው» በሚፈጸምባት ቅጽበት ወደ ነጭ ይቀይራል። ሕዝቡን ያስጮኸው አንድ ሰው ማብሪያ ላይ ያደረገው ጣት ነው። እዚህ ላይ ምሥጢረ አምልኮ የለም። ሐዋርያው ጣዖት በዓለም ላይ ከንቱ እንደ ሆነ እናውቃለን ያለውን (1ኛ ቆሮ. 8፥4) ለዚህ ሽሮፕ ብንጠቅሰው ቦታውን አይስትም። ውሸት ነው እንዳትል፣ ሐሰት የሚባለው የሚሰማህ ሰው እውነት ነው ብሎ እንዲያምን ስታደርግ ነው። ትኬት የቆረጠ ሰው ግን ትያትር ሊያይ እንደ መጣ ያውቃል።

ጊሎቲኑም ትወና ነው፤ ነገር ግን ክብደት ያለው ትወና። ይህን ሥርዓት ከሁሉ በላይ ያስታወቀው አሜሪካዊው ዘፋኝ አሊስ ኩፐር ነው፤ የሰባኪ ልጅ ሲሆን ራሱም ክርስቲያን እንደ ሆነ በግልጽ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1973 ጉብኝቱ ጊሎቲኑን ያዘጋጀለትም፣ መድረክ ላይ አንገት ቆራጭ ሆኖ የተወነለትም አስማተኛው ጄምስ ራንዲ ነበር፤ ይኸው ሰው በኋላ ዘመኑን አስማት ነን ባዮችን በማጋለጥ አሳልፏል። የታሪኩም አካሄድ ልብ ይባል፦ ክፉው ገጸ ባሕርይ በሠራው ይቀጣል፣ ራሱ ቅርጫት ውስጥ ይወድቃል። የሚወድቀው እርግጥ የሰም ወይም የጎማ ራስ ነው። ስለቱ ግን ከባድ ነው፤ ኩፐር ራሱ 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ ግራም ገደማ እንደሚመዝንና በ15 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚያልፈው ተናግሯል። ስለዚህ ስለቱን የሚይዘው መቆለፊያ በሁለት ሰው መፈተሽ አለበት። አንዱ ይቆልፋል፣ ሌላው ጎትቶ ያረጋግጣል፤ አንገት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

የዚህ ዓይነት መሣሪያ ሲበላሽ የሚበላሸው በድንገት አይደለም፣ በልማድ ነው። ኩፐር የስቅላት ትዕይንትም ነበረው። ገመዱ አንገቱ ላይ ይታያል፣ ክብደቱን የሚሸከመው ግን ከጀርባው የተያያዘ፣ ከሩቅ የማይታይ ቀጭን ሽቦ ነው። በ1988 እንግሊዝ ውስጥ ልምምድ ላይ ያ ሽቦ ተበጠሰ፤ ራሱን ወደ ኋላ ስላደረገ ገመዱ በአገጩ ላይ ሾልኮ ወጣ፣ አንገቱም ተላጠ። ምክንያቱን ሲናገር፣ ያን ያህል ትርዒት ሲሠራበት ሽቦውን መቀየር አስቦ አያውቅም ነበር። ሽቦ ደግሞ ሁልጊዜ የሚታጠፍባት አንዲት ነጥብ ላይ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል፤ ከላይ ደህና ይመስላል። የትርዒት ብዛት ቆጥሮ መቀየር እንጂ እስኪበጠስ መጠበቅ የለም።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። እዚህ ላይ «ትወና» የሚለው ቃል አይሠራም። ደሙን ሽሮፕ ማድረግ ይቻላል፣ ራሱን ጎማ ማድረግ ይቻላል፣ እሳት ግን መድረክ ላይም እሳት ነው።

የሚቀጥለው ታሪክ የሾክ ሮክ አይደለም፣ የተራ ሮክ ባንድ ነው፤ ግን መሣሪያው አንተ የጠቀስከው ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2003 አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ፣ ዌስት ዎርዊክ በምትባል ከተማ፣ ስቴሽን በተባለ የምሽት ክበብ ውስጥ አራት የፍንጣቂ ቱቦዎች ተለኮሱ። ጀርብ ይባላሉ፤ እያንዳንዱ ለ15 ሰከንድ 15 ጫማ፣ ማለትም አራት ሜትር ተኩል ያህል ፍንጣቂ የሚረጭ ነበር። ከመድረኩ ጀርባ ያለው ግድግዳና ጣሪያ ድምፅ እንዳይወጣ በፖሊዩሬቴን ስፖንጅ ተለብጧል። ፍንጣቂው ስፖንጁን ሲነካ ወዲያው ተያያዘ። ሙዚቃው ሠላሳ ሰከንድ ለሚያህል ቀጠለ፤ ከሕዝቡም ብዙው ነበልባሉን ሲያይ የትርዒቱ ክፍል መስሎት ቆመ። ከዚያ ሁሉም በገባበት በር ሊወጣ ሲሮጥ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ዋናው በር በወደቀ ሰው ተዘጋ። ሌሎች መውጫዎች ነበሩ፣ ግን በጭሱ ውስጥ የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው። ቤቱ ራሱ ውሃ የሚረጭ መከላከያ አልነበረውም። አንድ መቶ ሰው ሞተ። ቱቦዎቹን የለኮሰው የባንዱ የጉብኝት ሥራ አስኪያጅ በፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ ታስሮ ነበር።

ልብ በልልኝ፦ ሕዝቡ የቆመው ሞኝ ስለ ሆነ አይደለም። መድረክ ላይ የሚያየው ሁሉ የውሸት ነው ብሎ የሠለጠነ ዓይን፣ እውነተኛው ሲመጣ አይለየውም። ተመልካቹን «አትፍራ፣ ጨዋታ ነው» ብሎ ያስተማረ ባንድ እሱ ፈርቶ እሱ ሊጠብቅለት ይገባል። መጽሐፍም አዲስ ቤት ስትሠራ ሰው ወድቆ ደሙ በቤትህ ላይ እንዳይሆን ለጣሪያህ ዙሪያውን መከታ አድርግ ይላል (ዘዳ. 22፥8)። ወዳቂው ራሱ ቸልተኛ ቢሆን እንኳ ተጠያቂው የቤቱ ባለቤት ነው።

መከታው እዚህ ምንድን ነው? አሜሪካውያን በሚሠሩበት የመድረክ ርችት ደንብ፣ በመሣሪያውና በተመልካቹ መካከል ቢያንስ 15 ጫማ ይኖራል፤ ፍንጣቂው የሚወድቅበት ርቀት ሁለት እጥፍ ከዚያ ከበለጠ ደግሞ እሱ ይወሰዳል። ፈቃድ ይጠየቃል፣ ለእሳት አደጋ ኃላፊው ቀድሞ ይታያል። ከዚህ ሌላ የመድረኩን መጋረጃ ራስህ ልትፈትነው ትችላለህ። ከጫፉ ጣት የሚያህል ቆርጠህ ውጭ አውጥተህ በመቆንጠጫ ይዘህ ክብሪት አስጠጋው። ክብሪቱን ስታርቅ ቢጠፋ ተስፋ አለው፤ መንደዱን ከቀጠለ ወይም እየቀለጠ የሚነድ ጠብታ ከጣለ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ፍንጣቂ አይለኮስም። ቢጠፋም የባለሙያውን ፈቃድ አይተካም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቦታ ነው። የሜታሊካ ባንድ ዘፋኝ ጄምስ ሄትፊልድ በ1992 ሞንትሪያል ላይ ነበልባል የሚወጣበት ቦታ ቆሞ ክንዱ ክፉኛ ተቃጥሏል። አዳዲስ መሣሪያዎች ተጨምረው ነበር፣ የቱ የት እንደሚተኮስ የተግባቡ መስሏቸው አልተግባቡም። ስለዚህ ወለሉ ላይ በደማቅ ፕላስተር ክልል ይሠራል፤ ተኳሹ ዘፋኙን በዓይኑ ካላየ፣ ሙዚቃው ደርሶ ቢያልፍም አይተኩስም። ያልፈነዳ መሣሪያ ዘንድ ወዲያው ሄዶ ማየት ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም።

ትወና ያልሆነ ሌላም አለ፣ እሱን ባጭሩ ልናገር። የሮክ ዘፋኙ ኦዚ ኦዝበርን በጥር 1982 አሜሪካ፣ ዲ ሞይን ከተማ ላይ ከሕዝቡ የተወረወረለትን የሌሊት ወፍ ጎማ መስሎት ነከሰው፤ እውነተኛ ነበር፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ተወጋ። በኖርዌይ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአንድ ሙዚቃ ክበብ ወጣቶች የመድረኩን ንግግር ወደ ተግባር ለውጠው አብያተ ክርስቲያናት አቃጠሉ፤ አንዱ በ1994 በቃጠሎና በነፍስ ግድያ ተፈርዶበታል። በአፍ የሚነገር ስድብና መሐላም እንደዚሁ ነው። ሽሮፕ ደም አይሆንም፣ የእግዚአብሔር ስም ግን መድረክ ላይ ቢጠራም ያው ስሙ ነው። የዘፈኖቹን ግጥም ጠይቀህ አንብብ፤ መስቀል የሚሰበርበት ወይም መጽሐፍ የሚቀደድበት ትዕይንት ካለ አትግባበት። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ትያትርን ሲገሥጽ ከሁሉ ያስጨነቀው ተመልካቹ ያየውን ይዞ ቤቱ መግባቱ ነበርና፣ አንተም በየምሽቱ አንገት ሲቆረጥ አይተህ ጸሎት ላይ ስትቆም የሚመጣብህን ራስህ ታውቀዋለህ።

እንግዲህ ደሙንና ጊሎቲኑን በተናገርኩት ጥንቃቄ ብትሠራ ኃጢአት ነው አልልህም። እሳቱን ፈቃድ ያለው ሰው ይተኩሰው፤ ፈቃዱን ካላሳዩህ ከሥራው ውጣ።

ስለ እናትህ፦ ሽሮፑን ወጥ ቤት ውስጥ እሷው ፊት በጥብጠውና በጣቷ ትቅመሰው። ይህን አይታም ልቧ ካላረፈ፣ ጳውሎስ ወንድሙን እንዳያሰናክል ሥጋ ለዘላለም አልበላም ያለበትን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አብራችሁ አንብቡና፣ ለባንዱ መልስህን ከዚያ በኋላ ስጥ።