በኮንሶል ይከፈላል፣ በኮምፒውተር በነጻ፦ ጥያቄና መልስ

ኮንሶል ስሸጥና ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች እነዚህን መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እኔ በፒኤስ5 የእግር ኳስ ጌሙን ኢኤ ኤፍሲን በኢንተርኔት ለመጫወት እከፍላለሁ። ጓደኛዬ በኮምፒውተሩ ይገጥመኛል፣ ሳንቲም አይከፍልም። አንድ ጨዋታ አይደለም እንዴ?

አንድ ጨዋታ ነው። የጌሙ ኩባንያም ሁለታችሁን ያገናኛችኋል። የምትከፍለው ግን ለእሱ ሳይሆን ለሶኒ ነው። ፒኤስ5 የሶኒ ግቢ ነው፤ በር ያለውም አንድ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን የጌም ሱቁ ስቲም ነገ መግቢያ ልጠይቅ ቢል ሰው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

ክፍያው እኮ ለሰርቨር ነው። ሰርቨር በነጻ አይሠራም!

ግማሹ ልክ ነህ። አካውንቱ፣ የጓደኛ ዝርዝሩ፣ የድምፅ ወሬው ወጪ አለው። ግን በኤክስቦክስ 360 ሄሎ 3ን ስንጫወት ግጥሚያው የሚሄደው ከእኛው በአንዱ ሰው ኮንሶል ላይ ነበር። ሰውዬው ከወጣ ጨዋታው ቆም ይልና ሌላ አስተናጋጅ ይፈለጋል። ክፍያው ግን አልቀረም። ፒኤስ3 ደግሞ ከ2006 ጀምሮ በነጻ ያጫውት ነበር። ሶኒ ክፍያውን ግዴታ ያደረገው በ2013 ከፒኤስ4 ጋር ነው። ማይክሮሶፍት ከ2002 ጀምሮ ሲያስከፍል ሰው እሺ ብሎ እንደሚከፍል አይቷላ! ማይክሮሶፍት ከኮንሶሉ ራሱ አያተርፍም ነበር፤ በ2021 አንዲት የማይክሮሶፍት ኃላፊ ፍርድ ቤት ቀርበው ከኤክስቦክስ ሽያጭ አትርፈን አናውቅም ብለዋል።

እኛ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ማንም ይህን አይከፍልም። ታዲያ የምን ክፍያ ነው?

እዚያ ሁለት ጆይስቲክ አንድ ኮንሶል ላይ ተሰክቶ ነው የምትጫወቱት። ኢንተርኔት የለበትም። እኔ የማወራው ሌላ ቤት ካለ ሰው ጋር ስለመግጠም ነው።

ኮምፒውተር ላይ ለማስከፈል የሞከረ የለም?

አለ፣ ራሱ ማይክሮሶፍት። በ2007 ጌምስ ፎር ዊንዶውስ ላይቭን ሲያመጣ አንዳንዱን የኦንላይን አገልግሎት በክፍያ አደረገው። የኮምፒውተር ተጫዋች ግን ከ1996 ጀምሮ ኩዌክ የተባለውን ጌም ሰርቨር ራሱ እየከፈተ፣ በብሊዛርድ የኦንላይን መጫወቻ በባትል ኔት በነጻ እየገባ የለመደ ነው። ማን ይክፈለው? በ2008 ክፍያው ተነሳ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በየወሩ ያስከፍላል፣ ግን እሱ የጌሙ የራሱ ዋጋ ነው።

ወንድሜና እኔ አንድ ፒኤስ5 አለን፣ አካውንታችን ግን የየራሳችን ነው። ሁለታችንም እንክፈል?

አያስፈልግም። የከፈለው ሰው በራሱ አካውንት ገብቶ በሴቲንግ ውስጥ Console Sharing and Offline Play የሚለውን ያብራ። ሌላው በዚያው ኮንሶል ይጫወታል። ፎርትናይት ብቻ ከሆነ የምትጫወቱት ጭራሽ አትክፈሉ፤ በነጻ የሚወርዱ ጌሞች ይህን ክፍያ አይጠይቁም።

አልስማማም። ለምንከፍለው በየወሩ ጌም ይሰጡናል፤ እኔ አልከሰርኩም።

ለአንተ ያዋጣህ ይሆናል። ግን መክፈል ስታቆም እነዚያ ጌሞች ይቆለፋሉ። አንድ ጌም ብቻ የሚጫወት ደንበኛዬ ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ እዚህ አልጽፈውም።