ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምን ላሳይ?

ጥያቄ፦ «ጎንደር ላይ አንድ ቪትዝ ከገበያው ዋጋ በጣም ወርዶ አገኘሁ። ቀለሙ ያበራል፣ ሊብሬውም በሻጩ ስም ነው። ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ዛሬ ቀብድ ልክፈል?»

ወንድማችን፣ ዛሬ አይክፈሉ። ባለፈው ዓመት የእህቴ ባል እዚሁ ጎንደር ተመሳሳይ ግዢ ሊፈጽም ሲል አብሬው ስለ ነበርሁ፣ ያየሁትን ልንገርዎ።

መኪናው ቪትዝ ነበር፤ ዋጋውም አቻዎቹ በዚያ ወቅት ከሚሸጡበት በሩብ ያህል ያንሳል። ሻጩ አገር ሊለቅ እንደ ቸኮለ ነገረን። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ስንነዳው አንዳች እንግዳ ድምፅ አልሰማንም፤ የእህቴ ባልም ቀብዱን በኪሱ ይዟል። እኔ ግን ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ሳይገባ እንዳይሰጥ ለመንሁት፤ በሕጋችን ቀብድ የሰጠ ገዢ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብዱን ያጣልና።

አዘዞ ያገኘናቸው አዛውንት መካኒክ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ሜትር አወጡ። መኪናውን ደልዳላ ወለል ላይ አቁመው፣ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለኩ። ቀኙ ከግራው በ3 ሳንቲ ሜትር ያጥር ነበር። «ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆን አያስጨንቀኝም፤ ይህ ግን በቀኝ ፊቱ የተመታ ይመስላል» አሉን። ሆኖም የታጠፈው ጎማውን የሚይዘው ክንድ ብቻ ከሆነ በቅያሪ ስለሚስተካከል፣ ፍርዳቸውን ሳይሰጡ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። እኔም ተከተልኋቸው።

ቪትዝ እንደ ጭነት መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲ የለውም፤ ከፊት የሚመጣን ግጭት በዋናነት የሚሸከሙት ከአካሉ ጋር የተበየዱ፣ በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት ረጃጅም የብረት ሣጥኖች ናቸው። በግራው ጠርዝ ላይ የፋብሪካው ብየዳ ትንንሽ ክብ ነጠብጣብ ሆኖ በተቀራራቢ ርቀት ተደርድሯል። ቀኙ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ መካኒኩ ቀለሙን በካቻቪቴ ጫፍ ሲፍቁት፣ በእጅ የተበየደ ወፍራምና ወጣ ገባ መስመር ብቅ አለ። ብረቱ ተቆርጦ የተቀጠለ ነበር። እንዲህ ያለ ቅጥል ሁለተኛ ግጭት ቢመጣ እንደ ፋብሪካው ብረት በሥርዓት እየታጠፈ ኃይሉን አይቀበልም፤ ሊለቅም ይችላል፣ ያን ጊዜ ምቱ የሚያርፈው ተሳፋሪው ላይ ነው። እህቴ የምትቀመጠው በዚያው በኩል መሆኑን ሳስብ ጉልበቴ ከዳኝ።

ሻጩ «እኔም ስገዛው እንዲሁ ነበር» አለና ወዲያው ዋጋውን ለመቀነስ ተስማማ። የእህቴ ባል ቁልፉን መለሰለት። ሊብሬው ትክክለኛ ነበር፤ ነገር ግን ባለቤትነትን እንጂ ብየዳን አያሳይም።

ስለዚህ ለሻጩ «የምርመራውን ዋጋ እኔ ልክፈል፣ ጉድጓድ ላይ ይታይ» ይበሉት። መካኒኩ ሲለካ መሪው ፍጹም ቀጥ ማለቱን ራስዎ ይዩ፤ ጎማው ጥቂት እንኳ ዞሮ ከቆመ ልኬቱ ያሳስታል።